አውጉስጢኖስ ጽርእ ያነብ ነበርን?

የሂፖ ጳጳስ አውጉስጢኖስ በሕፃንነቱ የጽርእን ትምህርት ይጠላ እንደ ነበረ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ጽፏል። ስለዚህ አንዳንዶች ጽርእ አያውቅም አሉ። ነገር ግን ሰው ስለ ራሱ ከሚናገረው ይልቅ ሥራው የታመነ ምስክር ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ421 ዓ.ም. ገደማ ጳጳሱ ዩልያኖስ የዮሐንስ አፈ ወርቅን ስብከት በላቲን ትርጉም ጠቅሶ፥ ሕፃናት በኃጢአት አልረከሱም ብሎ ተከራከረው። አውጉስጢኖስም የጽርኡን ቃል አቅርቦ በላቲን ተረጐመው፤ ቃሉ በብዙ ቍጥር «ኃጢአቶች» ይላልና። ይህም ሕፃናት ራሳቸው የሠሩት ኃጢአት የላቸውም ማለት ነው እንጂ ከአዳም የወረሱትን አይክድም ሲል መለሰ። እንግዲህ በሸመገለ ጊዜ፥ በዝግታም ቢሆን፥ ጽርኡን ከላቲኑ ጋር ያስተያይ ነበር። በጽርእ መነጋገሩን ግን ይህ ማስረጃ አያሳይም።