ደም ከመሰጠቱ በፊት ስም ደጋግሞ የሚጠየቀው ለምንድን ነው?

ነርሷ የደሙን ከረጢት ይዛ ወደ አልጋው ትቀርብና “ሙሉ ስምዎን እና የተወለዱበትን ቀን ይንገሩኝ” ትላለች። ታካሚው ለምርመራ ደም ሲቀዳም ይህንኑ ተጠይቆ ስለነበር ሊገረም ይችላል። ጥያቄው የሚደጋገመው ግን የሌላ ሰው ደም ወደ ደም ሥሩ እንዳይገባ ነው።

የደም ዓይነቱ ኦ የሆነ ሰው፣ ኤ እና ቢ ዓይነት ደምን የሚያጠቁ ጸረ እንግዳ አካላት በደሙ ውስጥ አሉ። በስሕተት ኤ ደም ቢሰጠው፣ እነዚህ አካላት የገቡትን ቀይ የደም ሕዋሳት ወዲያው ማፈራረስ ይጀምራሉ። ኩላሊት ይጎዳል፤ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ሽንት ይጠቁራል። ለዚህ ሙሉ ከረጢት አያስፈልግም፤ ጥቂት ሚሊ ሊትር ሊበቃ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ክትትሉ የሚጠብቀውም ስለዚህ ነው። ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ የወገብ ወይም የደረት ሕመም፣ መርፌው በገባበት ቦታ ማቃጠል፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ድንገተኛ ፍርሃትም የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ናቸው። በማደንዘዣ የተኛ ሰው ግን ይህን መናገር አይችልም።

አብዛኞቹ ችግሮች ከዚህ ይቀልላሉ፤ ትኩሳት ብቻ፣ ወይም ሽፍታና ማሳከክ ሊሆኑ ይችላሉ። የትንፋሽ ማጠር ግን አይናቅም። ደሙ በብዛት ወይም በፍጥነት ሲገባ፣ በተለይ ልባቸው በደከመ አረጋውያን ላይ፣ ሳንባ ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ከቀናት በኋላ፣ ቤት ከገቡ ወዲያ የሚከሰትም አለ፤ ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ድካም ከበረታ ደም የሰጠውን ሆስፒታል ማሳወቅ ይገባል።

ትኩሳት ሲጀምር ቀላሉን ከአደገኛው መለየት ስለማይቻል፣ የመጀመሪያው ርምጃ አንድ ነው። ደሙ ይቆማል፤ የደም ሥሩ በጨዋማ ፈሳሽ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ የታካሚው ማንነት ከከረጢቱ ጋር እንደገና ይመሳከራል፤ ከረጢቱም ከአዲስ የደም ናሙና ጋር ወደ ላቦራቶሪ ይላካል።

በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት መሐመድ አሕመድ ተኝተዋል እንበል። ነርሷ “አቶ መሐመድ ነዎት?” ብትል ሁለቱም “አዎ” ይላሉ። “ስምዎ ማን ይባላል?” ተብሎ የሚጠየቀው፣ የተወለዱበት ቀንና የሕክምና ቁጥርም ከእጅ መለያውና ከከረጢቱ ጋር እዚያው አልጋው አጠገብ የሚመሳከሩት ለዚህ ነው። ስሕተቱ ቀደም ብሎም ሊጀምር ይችላል። የናሙናው ብልቃጥ ላይ የሌላ ታካሚ ስም ከተጻፈ፣ ላቦራቶሪው በትክክል ሠርቶም ደሙ የተሳሳተ ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ሆስፒታሎች በሌላ ጊዜ የተቀዳ ሁለተኛ ናሙና ይጠይቃሉ።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነገሩ ይወሳሰባል። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይመዘገባል፤ አንዱ ስም በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ይጻፋል፤ የልደት ዓመት ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ ይለያያል። ታካሚው ከልማዱ ይልቅ በመታወቂያው ላይ የሰፈረውን ቢናገር ይሻላል። የእጅ መለያው ሲታሰርለትም ያንብበው፤ አንድ ፊደል እንኳ ከተሳሳተ ናሙና ከመቀዳቱ በፊት እንዲታረም ይጠይቅ።