ስለ በርክሌይ ሊቃውንት ጥናትና ስለ እናቶች ሐረግ

በ1987 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ሬቤካ ካን፣ ማርክ ስቶንኪንግና አለን ዊልሰን የ147 ሰዎችን የማይቶኮንድሪያ ዘረመል፣ አብዛኛውን ከእንግዴ ልጅ አውጥተው፣ መርምረው፣ የሁሉም ሐረግ ከ140,000 እስከ 290,000 ዓመት በፊት በአፍሪቃ ሳትኖር ወዳልቀረች አንዲት ሴት እንደሚደርስ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ገለጡ። ጋዜጦች «ሔዋን» ስላሏት፣ ብዙ አንባቢ ጥናቱ የመጀመሪያይቱን ሴት ያገኘ መሰለው፤ እኔም ይህን ጥናት ለሕዝብ የሚያስረዳ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያርቀው የሚገባው ይህን ስሕተት ነው እላለሁ።

ማይቶኮንድሪያ በሕዋሳችን ውስጥ የራሱ ዘረመል ያለው ክፍል ሲሆን፣ ወንድም ሴትም ከእናታቸው ይወርሱታል፤ ለልጅ የምታወርሰው ግን ሴት ብቻ ናት። እኛ አባትን በአባት እየቈጠርን ሰባት ቤት ስንወጣ የእናቶች ስም ከቈጠራው እንደሚቀር፣ በዚህኛውም ቈጠራ አባቶች ይቀራሉ። አንዲት እናት ሦስት ወንዶች ብቻ ወልዳ ሴት ልጅ ሳትተው ብታልፍ፣ የማይቶኮንድሪያዋ ሐረግ በልጆችዋ ያከትማል፤ ከሌላው ዘረመሏ ግን ልጆችዋ ለልጅ ልጆችዋ ያስተላልፋሉ። ይህ በየትውልዱ ሲደጋገም፣ በብዙ ሺሕ ዘመን ውስጥ የአንዲት ሴት ሐረግ ብቻ ይቀራል። እንግዲህ ያች ሴት እናትም ጎረቤቶችም ነበሯት፤ በዘመንዋ ከነበሩት ከሌሎቹም ወንዶችና ሴቶች የወረስነው ብዙ ነው።

ማስረጃውም ወሰን ነበረው። የአፍሪቃ ተወላጆች ተብለው ከተመረመሩት 20 ሰዎች 18ቱ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ ዘመኑም የተሰላው ዘረመል በሚለዋወጥበት ፍጥነት ግምት ስለ ነበር፣ ግምቱ ሲለወጥ ዓመቱም ይለወጣል። በ1992 እ.ኤ.አ. ሌሎች ሊቃውንት ከዚያው መረጃ እኩል የሚያስኬዱ ብዙ ሐረጎች ሊሠሩ እንደሚችሉ አሳዩ። በ2000 እ.ኤ.አ. የ53 ሰዎች ሙሉ የማይቶኮንድሪያ ዘረመል ሲመረመር የአፍሪቃ ሥርነት ጸንቶ ተገኘ፤ ዘመኑ ግን ዛሬም በሰፊ ወሰን የሚነገር ነውና፣ አንዱን ቍጥር ነጥሎ ማወጅ ከእውነት ያርቃል።

በአገራችን ደግሞ፣ በ1967 እ.ኤ.አ. በኦሞ ሸለቆ በኪቢሽ የተገኘው ዐፅም ከ200,000 ዓመት በላይ መሆኑ ስለሚነገር፣ ሁለቱን ወሬ አጋብቶ «የሁላችን እናት ኢትዮጵያዊት ነበረች» ማለት ለልብ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን አጥንቱ የሚመሰክረው ሰው በዚያ መኖሩን ነው፤ ከዚያ ዐፅም የተነበበ የማይቶኮንድሪያ ዘረመል የለም፤ የበርክሌይ ሊቃውንትም አፍሪቃን እንጂ ከአፍሪቃ አንዱን አገር አልጠሩም።