የማውስ ጠቋሚ የከፍታ ዝላይ

የማውስ ጠቋሚ የከፍታ ዝላይ ጠቋሚው ከአንዱ ስክሪን ወደ ጎረቤቱ ሲሻገር ከወጣበት ከፍታ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ብቅ የሚልበት ክስተት ነው። መነሻው ዊንዶውስ ስክሪኖችን የሚያስተካክለው በፒክስል ቆጥሮ መሆኑ ነው፤ ሴንቲሜትሩንም ሆነ የጠረጴዛውን አቀማመጥ ከግምት አያስገባም።

ባለ 14 ኢንች ላፕቶፕና ባለ 24 ኢንች ሞኒተር፣ ሁለቱም 1920 በ1080፣ የታች ጠርዛቸው እኩል ሆኖ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። የላፕቶፑ ስክሪን ቁመት 17 ሴንቲሜትር፣ የሞኒተሩ 30 ገደማ ነው። ስለዚህ ከላፕቶፑ መሃል፣ ከታች ጠርዝ 9 ሴንቲሜትር ያህል ላይ የወጣ ጠቋሚ በሞኒተሩ 15ኛው ሴንቲሜትር ላይ ይገኛል።

ማስተካከያው Settings > System > Display ውስጥ የላፕቶፑን ሳጥን በ230 ፒክስል ገደማ ዝቅ ማድረግ ነው። መሃሉ ይገጥማል፤ ከመሃል በራቀ ቁጥር ግን ልዩነቱ ይመለሳል፣ የፒክስሎቹ መጠን እኩል አይደለምና። ዝቅ ያለው የታችኛው ክፍል ደግሞ ትይዩ ስለሚያጣ ጠቋሚው እዚያ ጠርዝ ላይ ሊቆም ይችላል።