ተለዋዋጮችን አንድ በአንድ መቀየር (ምስል ማመንጨት)

ተለዋዋጮችን አንድ በአንድ መቀየር በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራና ለተፈለገው የቀረበ ምስልን የማስተካከያ ዘዴ ነው። በመጀመሪያ የመነሻ ቁጥሩ (ሲድ) ባለበት ይያዛል። እንደ ስቴብል ዲፍዩዥን ያሉ ሞዴሎች ሥራቸውን የሚጀምሩት ከዚህ ቁጥር ከሚገኝ የዘፈቀደ ነጠብጣብ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከተቀየረ፣ ከትዕዛዙ አንድም ቃል ሳይነካ ሌላ ምስል ይወጣል።

ለምሳሌ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ለማሳየት የታሰበ ምስል ይወሰድ። ትዕዛዙ ቦታ ስላልጠቀሰ ፈረሰኛው መልካም ሆኖ ከኋላው በረሃ ቢታይ፣ ሲዱ 42 እንደሆነ ይቆይና ቦታው ብቻ ይጨመራል፦

```
Agew horseman, white shawl
Agew horseman, white shawl, green highland
```

በዚያው ሙከራ ብርሃኑም ቢቀየርና ምስሉ ቢበላሽ፣ ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ዘዴው ወሰን አለው። እያንዳንዱ ቃል መላውን ምስል ስለሚነካ የፈረሰኛው ፊትም በጥቂቱ ሊለወጥ ይችላል። አንድ ውጤት የአጋጣሚ መሆኑን ለመለየት ሁለቱም ትዕዛዞች በሌሎች ሦስት ወይም አራት ሲዶች ይሞከራሉ፤ ደጋው የሚታየው ቃሉ በተጨመረባቸው ምስሎች ላይ ከሆነ ለውጡን ያመጣው ቃሉ ነው። ፈረሱ አምስት እግር ካወጣ ግን ቃል መቀየር እምብዛም አይረዳም፤ ያ ክፍል ብቻ ተከልሎ እንደገና ይሠራል።