ሪኢንፎርስ፦ ከነጥብ ላይ መነሻ ልክ መቀነስ ለምን ይጠቅማል?

ሪኢንፎርስ በማሽን ትምህርት ዘርፍ ፖሊሲ ግራዲየንት ከሚባሉት ስልቶች አንዱ ሲሆን፣ ሮናልድ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው ጥናት ይታወቃል። ፖሊሲ ማለት ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ እርምጃ የሚሰጠው የመመረጥ ዕድል ነው። ፕሮግራሙ በዚህ ዕድል መሠረት አንድ እርምጃ በዕጣ ይመርጣል፣ ነጥብ ያገኛል፣ ከዚያም እንደ ነጥቡ መጠን የውስጥ ቁጥሮቹን ያስተካክላል። የማስተካከያው አቅጣጫና መጠን ግራዲየንት ይባላል። ከዕጣ ሙከራዎች የሚገመት በመሆኑ ከሙከራ ወደ ሙከራ ይዋዥቃል፤ የዚህ መዋዠቅ መለኪያ ቫሪያንስ ነው።

ሁለት ምርጫዎች ብቻ ያሉትን ፕሮግራም እንመልከት። ቀኝ 101 ነጥብ፣ ግራ 99 ነጥብ ያስገኛሉ፤ ለጊዜው ዕድላቸው እኩል ነው። ፖሊሲውን የሚወስነው አንድ ቁጥር ሲሆን፣ ሲጨምር የቀኝ ዕድል ያድጋል። በተለመደው የሎጂስቲክ ቀመር የቀኝ ዕድል ሎጋሪዝም በዚህ ቁጥር ላይ ያለው ግራዲየንት +0.5፣ የግራው −0.5 ይሆናል። ሪኢንፎርስ ይህን በነጥቡ ያባዛዋል፤ ስለዚህ ቀኝ ሲወጣ ግምቱ +50.5፣ ግራ ሲወጣ −49.5 ነው። አማካዩ +0.5 ስለሆነ ወደ ቀኝ መሄድ እንደሚሻል በትክክል ያመለክታል። ነገር ግን እያንዳንዱ ግምት ከአማካዩ በ50 ይርቃል፤ ቫሪያንሱም 2500 ነው። የአማካዩ ስህተት ወደ 0.5 እንዲወርድ 10,000 ሙከራ ያስፈልጋል፤ ለሁለት ነጥብ ልዩነት እጅግ የበዛ ድካም ነው።

አሁን ከእያንዳንዱ ነጥብ 100 እንቀንስ። ይህ ተቀናሽ መነሻ ልክ ወይም ቤዝላይን ይባላል። ቀኝ 1 × 0.5፣ ግራ (−1) × (−0.5) ይሆናሉ፤ ሁለቱም +0.5 ናቸው። አማካዩ አልተነካም፣ ቫሪያንሱ ግን ዜሮ ሆነ። በሌሎች ችግሮች ውስጥ እንዲህ ፈጽሞ መጥፋቱ ብርቅ ነው፤ በብዛት የሚታየው መቀነሱ ነው።

አማካዩ ያልተነካው የዕድሎች ድምር ምንጊዜም 1 ስለሆነ ነው። አንዱ ዕድል ያደገውን ያህል ሌላው ይቀንሳልና፣ የ+0.5 እና የ−0.5 አማካይ ዜሮ ነው፤ ዜሮ በማናቸውም መነሻ ልክ ቢባዛ ዜሮ ነው። ቫሪያንሱ የቀነሰው ደግሞ ለሁለቱም እርምጃ የጋራ የሆነው 100 ነጥብ ስለየትኛው መሻል አንዳች ሳይናገር ግምቱን ያናውጥ ስለነበረ ነው።

ይሁን እንጂ ማንኛውም ቁጥር አይበጅም። 300 ብንቀንስ ግምቶቹ −99.5 እና +100.5 ሆነው ቫሪያንሱ 10,000 ይደርሳል፤ ካለመቀነስም የከፋ ነው። በተግባር የቀደሙ ነጥቦች አማካይ፣ ወይም ከየሁኔታው የሚጠበቀውን ነጥብ የሚገምት ሌላ ሞዴል ያገለግላል። መነሻ ልኩ በሁኔታው ላይ ሊመሠረት ይችላል፤ በተመረጠው እርምጃ ላይ ግን እንዲሁ ሊመሠረት አይገባም። ከቀኝ 101፣ ከግራ 99 የቀነሰ ሰው በሁሉም ሙከራ ዜሮ ያገኛል፤ ቫሪያንሱም ይጠፋል፣ ትምህርቱም ባለበት ይቆማል።