ፍትሐዊ የውኃ አጠቃቀምና ጉልህ ጉዳት ያለማድረስ ግዴታ

የጋራ ወንዞችን በተመለከተ ዓለም አቀፍ ሕግ ሁለት መሠረታዊ መርሆችን ያስቀምጣል። አንደኛው እያንዳንዱ የተፋሰስ አገር በውኃው በፍትሐዊና ምክንያታዊ መንገድ የመጠቀም መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሁለተኛው ደግሞ በሌላው አገር ላይ ጉልህ ጉዳት እንዳይደርስ ተገቢውን እርምጃ ሁሉ እንዲወስድ ያስገድደዋል። ኢትዮጵያ፣ ግብፅና ሱዳን መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. በካርቱም የፈረሙት የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የመርሆዎች መግለጫ ሁለቱንም ይዟል።

የተከለከለው ማንኛውም ጉዳት ሳይሆን ጉልህ የሆነው ነው። በሰነዱ መሠረት እንዲህ ያለ ጉዳት ከደረሰ፣ ያደረሰው አገር ከተጎጂው ጋር ተመካክሮ ጉዳቱን ማስወገድ ወይም መቀነስ፣ እንደ አግባቡም ስለ ካሳ መነጋገር ይኖርበታል።

የሁለቱ መርሆች ሚዛን በግድቡ አሠራር ላይ በግልጽ ይታያል። ተርባይን ያንቀሳቀሰው ውኃ ተመልሶ ወደ ወንዙ ይገባል። በሙሌት ወቅት ግን ውኃው ስለሚያዝ ወደ ታች የሚወርደው መጠን ለጊዜው ይቀንሳል። ዝናብ በበዛበት ዓመት ይህን ቅናሽ በአስዋን ግድብ የተጠራቀመው ውኃ ሊሸፍነው ይችላል። ድርቅ ለተከታታይ ዓመታት ከቆየ ግን ያው ቅናሽ ወደ ጉልህ ጉዳት ሊያድግ ይችላል። በድርቅ ጊዜ የሚለቀቀው የውኃ መጠን በሦስትዮሽ ድርድሩ ዋነኛ የልዩነት ነጥብ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የታችኛው ተፋሰስ አገሮች ነባር አጠቃቀምም ብቻውን ወሳኝ አይደለም። ሰነዱ ፍትሐዊነትን ለመመዘን ከዘረዘራቸው ነጥቦች አንዱ ሲሆን፣ የላይኛው አገር የወደፊት ፍላጎትም አብሮ ይመዘናል።