ከቅጹ የተረፈው ርስት

በአገራችን የመንግሥት ቅጾች ጫፍ ላይ፣ ከተራ ቁጥሩ፣ ከስሙና ከመጠኑ ማዶ፣ «ምርመራ» የምትባል ጠባብ ዓምድ ትገኛለች። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ያላሰበው ነገር ሲያጋጥም እዚያች ላይ ይጻፋል። ብዙውን ጊዜ ግን ባዶዋን ትቀራለች። ይህ የሚሆነው የሚጻፍ ጠፍቶ አይደለም፤ ጸሐፊው ሊጽፈው የሚገባው ከዓምዷ ስለሚሰፋበት ነው። የጎጃምን የመሬት ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ትዝ የምትለኝ ይህችው ዓምድ ናት። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው ገጠር ባለፉት ሰማንያ ዓመታት መሬቱን በቅጽ ውስጥ ለማስገባት ያልተሞከረበት ዘመን የለም ማለት ይቻላል። እኔን የሚያሳስበኝ ታዲያ የገባው አይደለም፣ ሳይገባ የተረፈው እንጂ።

አንባቢ ነገሩ እንዲገባው በመጀመሪያ ርስት ምን እንደነበረ መናገር ያስፈልጋል። ርስት ስንል ብዙዎቻችን አንድ ሰው ከአባቱ የወረሰው፣ ድንበሩ የታወቀ ማሳ ይታየናል። የጎጃሙ ርስት እንዲያ አልነበረም። አላን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ተመራማሪ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፉ በዝርዝር አስረድቶታል። የአንድ ደብር መሬት በጥንት አቅኚ «አባቶች» ስም የተከፋፈለ ነው። የዚያ አባት ዘር የሆነ ሁሉ፣ በአባቱም ይሁን በእናቱ በኩል ይቆጠር፣ ከመሬቱ ድርሻ የመጠየቅ መብት አለው። አንድ ሰው ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት። እነዚያ ስምንቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው በተለያየ ደብር ወዳሉ አባቶች ይመዘዛሉ። ስለዚህ በመርህ ደረጃ የአንድ ገበሬ ርስት አምስትና ስድስት አጥቢያ ውስጥ ይገኛል። እርሱ የሚያርሰው ግን ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ነው። ሌላው እንደ ዘር በጎተራ የተቀመጠ መብት ነው፤ ዕድል ሲገኝ፣ ዘመድ ሲበረታ፣ ወይም የያዘው ሰው ሲሞት ይነሣል።

ድርሻውም ቢሆን አንድ ቁጥር አልነበረም። አቅኚው አራት ልጆች ነበሩት እንበል፤ መሬቱ ለአራት ይከፈላል። የኛ ሰው የሚወለድባት ልጅ ሦስት ወልዳለች፤ ሩቡ ለሦስት ይሆናል። ከእነዚያ አንዱ ሁለት ወለደ፤ እንግዲህ የሰውየው መነሻ ሃያ አራተኛ እጅ ነው። እዚህ ላይ አንድ ሰው መጥቶ «አቅኚው አምስተኛ ልጅ ነበረችው፤ እኔም የእርሷ ዘር ነኝ» ብሎ በሽማግሌ ካስረዳ የሁሉም ሒሳብ ይናጋል፣ ሃያ አራተኛውም ሠላሳኛ ይሆናል። ይህን የሚይዘው መዝገብ አልነበረም። የዘር ቆጠራውን የሚያውቁ ሽማግሌዎችና የዚያ አባት ዘሮች ተወካይ የሆነው ፈጅ ነበሩ።

እንግዲህ ለዚህ ገበሬ «የባለቤቱ ስም፦ ... የመሬቱ ስፋት፦ ...» የሚል ቅጽ ስጡት። የቱን ይሙላ? ዛሬ የሚያርሰውን ነው ወይስ ሊጠይቅ የሚችለውን? በስም ቦታ ላይ በእውነት ሊጻፍ የሚችለው ከብዙ ትውልድ በፊት የሞተው አቅኚ ብቻ ነው። የቆየው የግብር ሥርዓት ያደረገውም ይህንኑ ነው። ግብሩ በአባቱ ስም ይጣላል፣ ዘሮቹ በየድርሻቸው ያዋጣሉ፣ ፈጁ ሰብስቦ ያስረክባል። መንግሥት ከላይ የሚያየው አንድ ስምና አንድ የግብር ልክ ነው፤ የቀረው ዝርዝር ሁሉ ታች፣ ከሚያውቁት ሰዎች ዘንድ ይቀራል። ቅጹ ትንሽ ነበር፤ ትርፉም ቤት ነበረው።

ይህን ስል ርስትን ለማሞገስ አይደለም። ቤት የነበረው ትርፍ የጉልበተኛም መጫወቻ ነበር። ዘር ቆጥሮ የሚናገርለት ሽማግሌ ያላገኘ፣ ለሙግት ስንቅ የሌለው፣ በእጅ ሙያው የተናቀ ሰው ከዚያ ያልተጻፈ መዝገብ ሲፈለግ አይገኝም። ሴትም በዘሯ ርስት ነበራት፤ ርቃ ከተዳረች ግን መብቷ የሚነሣው ባሏ ወይም ልጇ ሲሟገትላት ነበር።

ከጣልያን ወረራ በኋላ የማዕከላዊው መንግሥት ሁሉን በአንድ ቅጽ ማየት ፈለገ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን በጋሻ ቆጥሮ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ሣጥን ይከፍላል። የጎጃም ሰው ግን መሬቴ አይለካም አለ። ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይም በቀደመው ልማዳቸው እንዲከፍሉ ተተዉ። በሌላ አነጋገር፣ ቅጹን ያወጣው ክፍል አልገባ ያለውን አገር ከቅጹ ውጭ አድርጎ አለፈው። ሰላም ያወረደ መላ ነበር፤ ይሁንና ችግሩን አስተላለፈው እንጂ አልፈታውም።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ መጣ። አሁን የሚጠየቀው የአባቱ ግብር ሳይሆን የእያንዳንዱ ገበሬ የዓመት ምርት ነው፤ ገማቾች ቤት ለቤት፣ ማሳ ለማሳ ሊወጡ ነው። አመፁ የተነሣው ያኔ ነው። ዋና ማዕከሎቹ ሞጣና ብቸና ቢሆኑም ዳሞትም አብሮ ተነቃነቀ፤ መንግሥት ጦርና አውሮፕላን እስከ መላክ ደረሰ፤ በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። ሰው ሁሉ ለጥቂት ብር ያመፀ የሚመስለው አለ። እኔ ግን የገበሬው ሥጋት የገባው ይመስለኛል። ገማቹ «ይህ ማሳ የእገሌ ነው፣ ይህን ያህል ያፈራል» ብሎ ከጻፈ፣ የተጻፈው ነገ በችሎት ማስረጃ ይሆናል። ያልተጻፈው፣ ማለትም በሌሎቹ አጥቢያዎች ያለው መብት፣ እንደሌለ ይቆጠራል።

የፈሩት ነገር የደረሰው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስት ላለባቸው አካባቢዎች የተለየ ምዕራፍ ነበረው። ፍሬ ነገሩ፣ ገበሬው አሁን በሚያርሰው መሬት ላይ የይዞታ መብት ይኖረዋል፣ ከእንግዲህ ግን ማንም ተነሥቶ በዘር ድርሻ ልጠይቅ ሊል አይችልም የሚል ነው። «አሁን የሚያርሰው» የሚለው ሐረግ የሠራውን ሥራ ልብ ይሏል። ስምንቱን ቅድመ አያቶች፣ ሃያ አራተኛውን እጅ፣ የፈጁን ቃል ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆርጦ ጣለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጎጃም መሬት በቅጽ የሚሞላ ሆነ። ርቃ የተዳረችው እኅት ያን ቀን የያዘችው ማረሻ አልነበረምና የአባቷ መሬት ከእጇ ወጣ። በሌላ በኩል ደግሞ ዘር የሌለው ጭሰኛና ሸማኔ መሬት የሚያገኝበት በር ተከፈተለት።

ቅጹ ተሟልቶ በገበሬው እጅ የገባው ግን በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ገበሬው በአጭሩ «ደብተር» ይለዋል። የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ይጻፋል፣ ፎቶግራፋቸውም ይለጠፋል፤ ሚስት በመሬት መዝገብ ላይ በስሟ መቀመጧ በዚያ አገር ታሪክ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ማሳዎቹ በየተራ ይዘረዘራሉ፦ የቦታው ስም፣ ስፋቱ፣ የአፈሩ ለምነት፣ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ የሚያዋስኑት። ስፋቱን ቀበሌው የመረጠው ኮሚቴ በገመድ ወይም በጥማድ ገምቶ ይሞላዋል። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው፤ ወደ ሩብ ሔክታር ይጠጋል ቢባልም መሬቱ ጥቁር ይሁን ቀይ፣ ሜዳ ይሁን ተረተር እንደሆነ ይለያያል።

አንባቢ አንድ ነገር አብሮኝ እንዲሞክር እፈልጋለሁ። ሁለት ጎረቤታሞች ቡሬ አጠገብ በቆሎና በርበሬ ያመርታሉ እንበል። የአንደኛው ደብተር «በምሥራቅ የሚያዋስነው፦ እገሌ» ብሎ ሁለተኛውን ይጠራል። የሁለተኛውን ደብተር ገልጠን «በምዕራብ» የሚለውን ስናነብ ግን የጎረቤቱን ስም አናገኝም፤ «መንገድ» ይላል። ሁለቱ ደብተሮች ተጣሉ ማለት ነው። በመካከላቸው የከብት መተላለፊያ ነበረ፤ አንደኛው በሞፈር እየገፋ ማሳው ውስጥ አስገብቶታል፣ ሁለተኛው ግን የቀድሞውን ነግሯል። መተላለፊያው አራት ሜትር ስፋትና መቶ ሜትር ርዝመት ቢኖረው አራት መቶ ካሬ ሜትር ነው፣ የጥማድ ስድስተኛ ገደማ። ለአንድ ገበሬ ትንሽ ቁራሽ ናት፤ ከብቱን ወደ ወንዝ ለሚያወርድ መንደር ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። ለመተላለፊያው ደብተር አልወጣለትም፣ የሚከስለትም ጠበቃ የለም። ጉድለቱ የሚታወቀው እንዲህ ሁለት ደብተር ጎን ለጎን ሲነበብ ብቻ ነው፤ አንድ ደብተር ለብቻው ሲነበብ እንከን የሌለው ይመስላል።

ዝርዝር ጠባዩ ይህ ነው፤ የተወውን አያውቅም። ካርታ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ኋላ የመጣው የሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ባለማሳዎቹ ራሳቸው ድንበራቸውን እያሳዩ የሚሠመርበት ነው። እያንዳንዱ ማሳ ቁጥር ያገኛል፤ ሥዕሉም ሰው አይቶ ቅሬታ እንዲያቀርብ በአደባባይ ይለጠፋል። እዚያ ላይ ማንም «የኔ» ያላለው መሬት በሁለት መሥመሮች መካከል ባዶ ሆኖ ይታያል። ግጦሹ፣ የወንዙ ዳር፣ የከብት መንገዱ ስማቸው ባይጻፍም ቅርጻቸው አለ። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ቶሎ ብሎ ባዶውን ለጎረቤት አያድለውም፤ «ይህ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የወል ከሆነም በወል ይመዘግበዋል።

ካርታም ቢሆን የማይይዘው ትርፍ አለ፤ የሞት ትርፍ ነው። አንድ አባት አንድ ጥማድ ማሳ ለሦስት ልጆች ትቶ ይሞታል። ሕጉ ከተወሰነ መጠን በታች መሬት በመዝገብ እንዳይከፋፈል ይከለክላል። ልጆቹ ደግሞ እንጀራ አይቆይላቸውም፤ ድንጋይ ተክለው በሦስት ይከፍሉታል። ወረዳ ሄዶ በጋራ ይዞታነት ሦስቱንም ስም ማስመዝገብ ይቻል ነበር፤ ግን መንገዱ፣ ምስክሩ፣ ምልልሱ አለና ያድር ይሆናል። ደብተሩ በሟች ስም እንደተጻፈ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ከተማ የገባችው እኅት ድርሻዋን ለወንድሟ የእኩል ትሰጠዋለች፤ የሚያውቁት ሁለቱና ጎረቤቱ ናቸው። የልጅ ልጆች ሲደርሱ ደግሞ ከሦስቱ ድንጋዮች መካከል ሌሎች ድንጋዮች ይተከላሉ።

ያኔ አንድ መዝጋቢ መጥቶ «ይህ ማሳ የማን ነው?» ቢል የሚሰጠው መልስ የሞተ ሰው ስም ነው። የማን ድርሻ ከየት እስከ የት እንደሆነ ለማወቅ ሽማግሌ መጥራት ሊኖርበት ነው።